የሴራሚክ ውኃ ማጣሪያ ጠብታው ሲዘገይ፦ የሻማውን ገጽ ማጽዳትና እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅን መለየት

ከላይኛው ዕቃ ወደ ታችኛው የሚያንጠባጥብ የሴራሚክ ውኃ ማጣሪያ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል፤ ማታ ሞልቶት ያደረው ማጣሪያ ጠዋት ሲከፈት የላይኛው ዕቃ ውኃ እምብዛም አልጎደለም፣ ከታች የተጠራቀመውም ሁለት ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ማጣሪያው ተበላሸ ብለው ይደመድማሉ። ይሁን እንጂ ዝግታ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሻማ የሚባለው የሴራሚክ ቱቦ ደለሉንና ጭቃውን በገጹ ላይ በማስቀረቱ፣ ማለትም ሥራውን በመሥራቱ ነው። ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ተቃራኒው ነው፤ ሲንጠባጠብ የኖረ ሻማ ድንገት ፈጥኖ ሲያወርድ፣ ወይም ከታጠበ በኋላ አዲስ ሳለ ከነበረው ፍጥነት ሲበልጥ። በዚህ ምክንያት ማጽዳትና ስንጥቅ መፈተሽ ተለያይተው የሚሠሩ ሥራዎች አይደሉም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደገፋል፣ ሁለቱንም የሚያስተሳስራቸው መለካት ነው።

ውኃው በሻማው ውስጥ የሚሄድበት መንገድ

ሻማው፣ ካንድል የሚሉትም አሉ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ጫፉ እንደ ጉልላት የከበበ የሴራሚክ ቱቦ ነው። ከሥሩ በማጣበቂያ የተያያዘ የፕላስቲክ መቀመጫ አለው፤ ከመቀመጫውም ጥርስ ያለው ቀጭን አንገት ወጥቶ በላይኛው ዕቃ ወለል ቀዳዳ ያልፍና ከታች በዳዶ ይታሰራል። በመቀመጫውና በወለሉ መካከል ውኃ እንዳያሾልክ የጎማ ቀለበት ይገባል። ውኃው የሴራሚኩን ግድግዳ ከውጭ ወደ ውስጥ ሰርጎ ያልፋል፣ ከዚያም በአንገቱ በኩል ወደ ታችኛው ዕቃ ይንጠባጠባል።

የግድግዳው ቀዳዳዎች እንደ ሥሪቱ ይለያያሉ፤ ብዙዎቹ ሻማዎች ግን ወደ 1 ማይክሮን የሚጠጉ ወይም ከዚያ ያነሱ ቀዳዳዎች አሏቸው። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል ነው። ተቅማጥ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ከግማሽ እስከ ጥቂት ማይክሮን ስለሚደርሱ፣ ጃርዲያን የመሳሰሉት ጥገኛ ተሕዋስያን ደግሞ ከዚያ በብዙ ስለሚበልጡ፣ ጤናማ ግድግዳ በአብዛኛው ያስቀራቸዋል። ቫይረሶች ግን እጅግ ያነሱ በመሆናቸው በእርግጠኝነት አይያዙም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1892 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያ በሚያስቀር የሸክላ ሻማ አሳልፎ፣ የተጣራውም ጭማቂ ጤነኛውን ተክል እንደሚያሳምም አሳይቷል፤ ከቫይረስ መገኘት ጋር የሚነሳው ሙከራ ይኸው ነው።

ጭቃው ወደ ግድግዳው ጥልቀት እምብዛም አይገባም። በውጭው ገጽ ላይ ተነባብሮ እንደ ስስ ቂጣ ይጋገራል፤ ሻማ ታጥቦ ዳግመኛ የሚያገለግለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከመፍታትዎ በፊት ይለኩ

በዓይን ግምት «ቀስ አለ» ማለት ብዙ አይጠቅምም፣ ምክንያቱም የጠብታው ፍጥነት ከሻማው ንጽሕና ሌላ በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው የውኃው ከፍታ ነው፤ የላይኛው ዕቃ ሲጎድል ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውኃው ከሻማው ጉልላት በታች ሲወርድ ደግሞ የሚያሳልፈው ገጽ ራሱ ያንሳል። ሁለተኛው የውኃው ሙቀት ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ ይወፍራል፣ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ውኃ በ30 ዲግሪ ካለው በግምት 40 በመቶ ያህል ቀስ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ የብርድ ጊዜ ዝግታ ሁሉ መዘጋት አይደለም።

አለካኩ ቀላል ነው። የላይኛውን ዕቃ እስከ አፉ ይሙሉና ግድግዳው በደንብ እንዲርስ ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ከዚያ ዕቃውን አንሥተው ከሥሩ እጅ በሚያስገባ መልኩ በሁለት እኩል ቁመት ባላቸው ወንበሮች ወይም ሣጥኖች ጠርዝ ላይ ያስቀምጡት፣ የጎደለውንም ይሙሉ። በእያንዳንዱ ሻማ አንገት ሥር ለየብቻው ብርጭቆ ያድርጉ፣ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ የተጠራቀመውንም በሚሊ ሊትር መለኪያ ይለኩ። መለኪያ ከሌለ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል፤ 1 ግራም ውኃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ውጤቱን በ4 ሲያባዙ የሰዓቱን መጠን ያገኛሉ። አንድ ሻማ አዲስ ሳለ ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሁለት ሊትር ያወርዳል፤ ነገር ግን እውነተኛው ማነጻጸሪያ የእርስዎ ሻማ በአዲስነቱ የሰጠው ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር የገዙ ዕለት ለክተው በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በፕላስተር ቢለጥፉት፣ ከዚህ በታች ያለው ምርመራ ሁሉ ይቀልልዎታል።

ሻማዎችን ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል። ሁለት ሻማ ባለው ማጣሪያ ውስጥ አንዱ ተዘግቶ ሌላው ተሰንጥቆ ድምሩ እንደ ደህና ማጣሪያ ሊሆን ይችላል፣ ይህንንም ከታችኛው ዕቃ ውኃ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ማጽዳት የማያስፈልገው ዝግታ

ብሩሽ ከማንሣትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። የታችኛው ዕቃ ሞልቶ ውኃው የሻማውን አንገት ነክቶ ከሆነ ጠብታው ይዘገያል፣ በኋላም ይቆማል፤ ሲቀዱለት ይመለሳል። የሁለቱ ዕቃዎች መገጣጠሚያ በጣም ጥብቅ ሆኖ አየር መውጫ ካጣም፣ በታችኛው ዕቃ የታሰረው አየር ጠብታውን ይይዘዋል፤ የላይኛውን ዕቃ ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ጠብታው ወዲያው ከፈጠነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛው በአዲስ ወይም ብዙ ቀን ደርቆ በቆየ ሻማ ላይ የሚታይ ነው። በግድግዳው ቀዳዳዎች ውስጥ አየር ታስሮ ውኃውን አያሳልፍም። እንዲህ ያለውን ሻማ ጉልላቱን ወደ ታች፣ አንገቱን ወደ ላይ አድርገው፣ አንገቱ ከውኃው በላይ እንዲቀር በንጹሕ ውኃ ውስጥ አቁመው ያሳድሩት። ውኃው ከውጭ ሲሰርግ አየሩ በአንገቱ ይወጣል። ሻማውን ሙሉ በሙሉ ማስጠም ግን አየሩን ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚከበው ሥራውን ያዘገየዋል።

ገጹን ማጽዳት

የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ሦስት ወይም አራት ሊትር የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ንጹሕ ሳፋ፣ ሳሙና ነክቶ የማያውቅ አዲስ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ንጹሕ ፕላስቲክና የላስቲክ ማሰሪያ። እጅዎን በሳሙና ታጥበው ሳሙናው እስኪለቅ ድረስ ያለቅልቁ።

የላይኛውን ዕቃ ባዶ ካደረጉ በኋላ በአንድ እጅ የሻማውን ፕላስቲክ መቀመጫ ከላይ ይያዙ፣ በሌላው እጅ ዳዶውን ከታች ይፍቱ። ሴራሚኩን ራሱን ጨብጦ መጠምዘዝ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጉልበቱ ሁሉ ሴራሚኩ ከፕላስቲኩ ጋር በተጣበቀበት መስመር ላይ ያርፋል፣ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዳዶው ደርቆ እንቢ ካለ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ጠምጥመውበት እንደገና ይሞክሩ።

አሁን የአንገቱን ቀዳዳ በፕላስቲኩ ሸፍነው በላስቲኩ ይሰሩት። የአንገቱ ውስጥ የተጣራ ውኃ ብቻ የሚነካው ክፍል ነው፤ በዚያ በኩል የገባ አንዲት ጠብታ ቆሻሻ ውኃ ግድግዳውን ሳታልፍ በቀጥታ ወደ መጠጥ ውኃዎ ትደርሳለች። በዚያው ምክንያት ሲያጥቡ ሻማውን ጉልላቱን ወደ ታች አድርገው ይያዙት፣ እጣቢው ከአንገቱ እየራቀ ይወርዳል።

ብሩሹን እያራሱ ከመቀመጫው ጠርዝ ጀምረው ወደ ጉልላቱ በቀላል ግፊት ያሹ፣ ሻማውንም ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ዙሪያውን ይሸፍኑ። አንዱን ቦታ ደጋግሞ መፋቅ ግድግዳውን በዚያ በኩል ያሳሳዋል። በዚህ ጊዜ ዓይንዎ ከሻማው ይልቅ በሚወርደው እጣቢ ላይ ይሁን። መጀመሪያ እንደ ሻይ የቀላ ወይም የጠቆረ ውኃ ይወርዳል፤ ጣትዎን ቢያስነኩት ገጹ ያሟልጫል። ትንሽ ቆይቶ እጣቢው እየጠራ ይሄዳል። ከዚያም አልፎ ወተት የነካው መስሎ መንጣት ሲጀምር ይቁሙ፤ አሁን የሚወርደው ቆሻሻው ሳይሆን ሴራሚኩ ራሱ ነው። ገጹ በዚህ ጊዜ በጣት ሲዳሰስ ማሟለጡን ትቶ እንደ ጠመኔ ሻከር ይላል።

ሁሉም ቦታ እንደ አዲስ እንዲነጣ አይጠብቁ። ብረት ያለበት ውኃ ቡናማ ጥላ ይተዋል፣ ጥላው ግን ውኃ አያግድም። እሱን ለማጥፋት ሲፍቁ ዕድሜውን ያሳጥሩታል። የሻማው ውፍረት ምን ያህል እንደቀነሰ ለማወቅ አንዳንድ አምራቾች የቀለበት መለኪያ አብረው ይሰጣሉ፤ ሻማው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ቀለበቱ ከሌለዎት አዲስ ሳለ ዙሪያውን በክር ለክተው ክሩን ያስቀምጡ፣ በየእጥበቱም ያነጻጽሩ። ክሩ በ6 ሚሊ ሜትር ከተረፈ፣ ሻማው በየጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ግድግዳ አጥቷል።

የማይደረጉትን በአጭሩ ልናገር። ሳሙናና የዱቄት ሳሙና ሴራሚኩ ውስጥ ሰርገው ለብዙ ቀን ጣዕም ይለቃሉ። የሽቦ መፈተጊያና የብርጭቆ ወረቀት ጥልቅ ጭረት ይተዋሉ። በረኪና ብር የተቀላቀለበትን ወይም ውስጡ ከሰል ያለበትን ሻማ ይጎዳል። ትኩስ ውኃ ቀዝቃዛ ሻማ ላይ ማፍሰስ፣ ወይም ፕላስቲክ መቀመጫ ያለውን ሻማ መቀቀል፣ ሴራሚኩና ፕላስቲኩ በሙቀት እኩል ስለማይሰፉ መገጣጠሚያውን ያላቅቀዋል።

ጭቃው ታጥቦ ወጥቶ ጠብታው አሁንም ካልተመለሰ፣ በገጹም ላይ ጠጣር ነጭ ቅርፊት ካለ፣ ያ ከጠንካራ ውኃ የቀረ ኖራ ነው፣ ብሩሽም አያነሣውም። የአምራቹ ወረቀት ካልከለከለ፣ አቼቶና ውኃ እኩል ለእኩል ቀላቅለው፣ ሻማውን በጉልላቱ በኩል፣ መቀመጫው ሳይነካ፣ ጥቂት ሰዓት ይንከሩት። ቅርፊቱ ትናንሽ አረፋ እያወጣ ይለቃል። በኋላ በብዙ ንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት።

ዋናው ቆሻሻ ወደ ሻማው ሳይደርስ ከቀረ ደግሞ እጥበቱ ራሱ ይርቃል። የደፈረሰ ውኃ በባልዲ አድሮ ደለሉ ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ብቻ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አሳልፈው ይሙሉ።

ስንጥቅ ፍለጋ

ስንጥቅ የሚፈለገው ከእጥበት በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ጭቃ ስንጥቅን ይሸፍናል፣ አልፎ ተርፎም ይደፍነዋል። በመጀመሪያ በዓይን ይመልከቱ። ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪ በጎን በኩል ገጹን አስነክተው ሲያበሩ ትንሿ መስመር ጥላ ትጥላለች። ትኩረት የሚሹት ሦስት ቦታዎች ናቸው፤ ሴራሚኩ ከፕላስቲኩ የሚገናኝበት ዙሪያ፣ ጉልላቱ ከቀጥተኛው ግድግዳ የሚጀምርበት መታጠፊያ፣ እና ሻማው ተመትቶ የተቦረቦረበት ማንኛውም ቦታ። ብሩሽ የተወው ጭረት በጥፍር ሲሄዱበት ይይዛል፣ በቀላሉ ሲታሽም ይጠፋል። ስንጥቅ ግን ጥፍር ላይይዝ ይችላል፣ በማሸትም አይጠፋም። ዙሪያው ሁሉ ነጥቶ ሳለ ቡናማ ሆና የቀረች ቀጭን መስመር ካለች በተለይ ይጠርጥሩ፤ ጭቃው ወደ ጥልቀቱ የገባበት መንገድ አግኝቷል ማለት ነው።

በዓይን ካልለየ ሻማውን ንጹሕ ጨርቅ ላይ አቁመው ጥላና አየር ባለበት ቦታ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ይተዉት። በኋላ በእርጥብ ብሩሽ ገጹን ፈጠን ብለው ያርጥቡና ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ውኃው ወደ ግድግዳው ሲሰርግና ገጹ ሲደርቅ፣ ስንጥቅ ባለበት መስመር ብዙ ውኃ ስለሚሳብ ከዙሪያው የጠቆረ ክር ሆኖ ለአፍታ ይታያል። አፍታው አጭር ስለሆነ ሻማውን በሙሉ አንድ ጊዜ ሳያርጥቡ፣ በየሦስት ጣት ስፋት እያረጠቡ ቢሄዱ ይሻላል።

ደረቁን ሻማ በእርሳስ ጀርባ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግም የቆየ ዘዴ ነው፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ። ነገር ግን ውስጡ ከሰል የተሞላ ሻማ ደህና ሆኖም ድምፁ የታፈነ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ሌላ ሻማ አጠገቡ ከሌለ በዚህ ላይ ባይተማመኑ እመክራለሁ።

የተሻለው ፈተና የትንፋሽ ፈተና ነው። ሻማው ግድግዳው ሙሉ በሙሉ እንዲርስ ከላይ በተገለጸው አኳኋን ያድር፣ በማግሥቱ ውስጡ ያለውን ውኃ ያንጠፉ። በአንገቱ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም ንጹሕ ለስላሳ ቱቦ ይሰኩ፣ ሻማውን ከነመቀመጫው መገጣጠሚያ ጥሩ ብርሃን ባለበት ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያስጥሙ። በገጹ ላይ የተለጠፉ አረፋዎችን በእጅ ያራግፉ፣ እነሱ ከውጭ የመጡ ናቸውና። ከዚያ ሳይቸኩሉ፣ ሳያቋርጡ ይንፉ።

የራሰ ቀዳዳ በውስጡ የያዘውን ውኃ አጥብቆ ይይዛል። አንድ ማይክሮን ስፋት ያለውን ቀዳዳ በአየር ለማስለቀቅ ከ3 ባር ጋር የሚቀራረብ ግፊት ያስፈልጋል፤ የሰው ትንፋሽ ግን ከአንድ ባር አንድ አሥረኛ እንኳ በምቾት አያደርስም። ስለዚህ ከደህና ግድግዳ አንድም አረፋ አይወጣም። ከአንድ ነጥብ ወይም ከአንድ መስመር ሳያቋርጥ እንደ ዶቃ ተከታትሎ የሚወጣ አረፋ ካዩ፣ ስንጥቅ ወይም የተላቀቀ መገጣጠሚያ አግኝተዋል። በገጹ በሙሉ ትናንሽ አረፋ ከታየ ደግሞ ምናልባት ሻማው በቅጡ አልራሰም፤ አሳድረው ይድገሙት። ትንፋሹን በጎማ መንፊያ ወይም በኮምፕረሰር መተካት አይገባም፤ ደህናውን ሻማ ሊሰነጥቀው፣ በእጅዎም ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።

የዚህን ፈተና ወሰን በግልጽ ማወቅ ያስፈልጋል። በትንፋሽ ኃይል አየር የሚያሳልፈው በግምት 40 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሰፋ ክፍተት ነው፤ ይህም ከቀጭን የራስ ፀጉር ውፍረት ብዙ አያንስም። 10 ማይክሮን የሰፋ ስንጥቅ አረፋ ሳያሳይ ይቀራል፣ ለባክቴሪያ ግን ሰፊ በር ነው። እንግዲህ አረፋ መውጣቱ ሻማው መጣል እንዳለበት ያረጋግጣል፤ አረፋ አለመውጣቱ ግን ሻማውን ነፃ አያወጣም። የቀረውን የሚመሰክረው ልኬቱ ነው።

ቀለም በውኃ በጥብጠው ከታች ቀለሙ ከወጣ ተሰንጥቋል የሚሉ ሰዎች አሉ። የሟሟ ቀለም ቅንጣቶቹ ከግድግዳው ቀዳዳዎች እጅግ ስለሚያንሱ ከሰል የሌለውን ደህና ሻማም ያልፋል፤ በዚህ ፈተና ምክንያት ደህና ሻማ የጣሉ ሰዎች እንዳሉ አልጠራጠርም።

በሁለት ሻማ ላይ የተደረገ አንድ ምርመራ

በቤታችን ባለው ማጣሪያ ላይ የሆነውን በቁጥሩ ላስቀምጥ። ሁለቱ ሻማዎች አዲስ ሳሉ እያንዳንዳቸው በ15 ደቂቃ 350 ሚሊ ሊትር ያህል ያወርዱ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ጠብታው በጣም ስለዘገየ ለየብቻ ለካኋቸው፤ የግራው 60፣ የቀኙ 90 ሚሊ ሊትር ሰጠ። ልዩነቱን ያን ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሁለቱንም አጥቤ፣ አሳድሬ፣ መልሼ ገጥሜ በዚያው የውኃ ከፍታ ስለካ የግራው 310 ሆነ። የታጠበ ሻማ ከአዲስነቱ ትንሽ ቢያንስ የተለመደ ነው። የቀኙ ግን 480 ሰጠ።

እጥበት ሻማን ከአዲስ የበለጠ ፈጣን አያደርገውም፤ ግድግዳውን እስኪሳሳ ካልፋቁት በቀር። ስለዚህ ትርፉ 130 ሚሊ ሊትር በሌላ መንገድ እየወረደ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጎማውን ቀለበት ነው። ይህን ለመለየት ዳዶውንና አንገቱን በደረቅ ጨርቅ አድርቄ ከሥር ተመለከትኩ። ቀለበቱ ቢያሾልክ ኖሮ ውኃው በዳዶው ጠርዝ ዙሪያ ይወጣ ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን ዳዶው እንደደረቀ ውኃው በአንገቱ አፍ ብቻ ሲወርድ ነው። ይህም ማለት ችግሩ በሻማው ውስጥ ነበር።

ሻማውን ፈትቼ በባትሪ ስመለከት ከመቀመጫው ጠርዝ ተነሥታ ወደ ላይ የምትሄድ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቡናማ መስመር አገኘሁ። በእጥበቱ ጊዜ አይቻት የብረት ጥላ መስላኝ ነበር። በትንፋሽ ፈተና ላይ ከዚያችው መስመር ታችኛ ጫፍ፣ ከማጣበቂያው አጠገብ፣ አረፋው ተከታትሎ ወጣ፤ ከግራው ሻማ ግን ምንም አልወጣም። መጀመሪያ የገጠምኩት ዕለት ዳዶውን ለማጥበቅ ሴራሚኩን ጨብጬ መጠምዘዜን አስታውሳለሁ፣ ስንጥቁም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ከሁሉ የከነከነኝ 90 የሚለው ቁጥር ነው። ስንጥቁ በእጥበቱ የተፈጠረ አልነበረም፤ ጭቃው ግማሽ በግማሽ ደፍኖት ሳለ የቀኙ ሻማ አስቀድሞ ከጓደኛው በግማሽ ያህል ይበልጥ ያወርድ ነበር። አንድ ውኃ በሚጣራባቸው፣ እኩል ዕድሜ ባላቸው ሁለት ሻማዎች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት ሲታይ፣ የፈጠነውን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

የተሰነጠቀ ሻማ ሲገኝ

ስንጥቅን በማጣበቂያ መድፈን አይሠራም። ማጣበቂያው የሚይዘው የሚታየውን ገጽ ነው፤ ስንጥቁ በግድግዳው ውስጥ መሄዱን ይቀጥላል፣ አብዛኞቹ ማጣበቂያዎችም ለመጠጥ ውኃ የተሠሩ አይደሉም። ሻማው ይጣል። አዲስ እስኪገኝ ድረስ የእሱን ቀዳዳ በጎማ ቀለበት መካከል በገባ፣ በማይዝግ ብሎንና ዳዶ ይድፈኑት፤ ብሎን ከሌለ ልክ የሆነ ንጹሕ የጎማ ውታፍ ይበቃል። ሌላው ሻማ ብቻውን ይሥራ።

የታችኛው ዕቃ ያልተጣራ ውኃ ሲጠራቀምበት ስለቆየ በውስጡ ያለው ውኃ ይደፋ። ዕቃውና ቧንቧው በሳሙና ታጥበው በፈላ ውኃ ሳይሆን ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ይለቅለቁ፤ ቧንቧው ተፈትቶ ውስጡ ያለው ልጋግ በብሩሽ ይውጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እሱ ነውና። የቀረው ሻማ እስኪፈተሽ ድረስ የሚጠጣው ውኃ ይፍላ፤ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ደግሞ 3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት።

ሻማውን መልሰው ሲገጥሙ የጎማው ቀለበት አለመሰንጠቁንና በሥሩ አሸዋ አለመኖሩን ይዩ፣ መቀመጫውን ይዘው ዳዶውን በእጅ ብቻ ያጥብቁ፤ ፒንሳ አያስፈልግም። ከታጠበ ወይም በትንፋሽ ከተፈተነ ሻማ የሚወርደውን የመጀመሪያ ሙሌት ይድፉት፣ ሁለተኛውን ይለኩ፣ ቁጥሩንም ከነቀኑ ከክዳኑ ሥር ይጻፉ። ከሳምንት በኋላ በዚያው ከፍታ እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ በትንሹ ከቀነሰ ሻማው ጭቃ እየያዘ ነው፤ ባለበት ከቆመ ውኃዎ ንጹሕ ነበር፤ ከጨመረ ግን ባትሪውንና ቱቦውን እንደገና ያንሡ።